«ዕቁብ ሲወጣልን እከፍላለሁ»፦ በአንድ ሌሊት እንደገና የተጻፈ ማመልከቻ

የእህቴ ልጅ የደወለችልኝ ሐሙስ ማታ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2017 ነበር። ድምፅዋ ገና ከመጀመሪያው ልክ አልነበረም። «ጋሼ፣ ማመልከቻዬን አልተቀበሉትም። ነገ ደግሞ ምዝገባ ያበቃል» አለችኝ።

በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ በማታው መርሐ ግብር አካውንቲንግ ትማራለች። ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ቀን ቀን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው የሚማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይገባል፣ ዕዳውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። የማታ ተማሪና የግል ተማሪ ግን እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ይመዘገባል።

እኔ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን በሌላ የግል ኮሌጅ ፋይናንስ ክፍል ስድስት ዓመት የተማሪ ሂሳብ ይዤ ሠርቻለሁ። «ክፍያዬን ከፋፍዬ ልክፈል» የሚል ማመልከቻ በየሴሚስተሩ በክምር ይመጣልን ነበር። ስለዚህ የተመለሰውን ወረቀት ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ሳነበው ለምን እንደተመለሰ ወዲያው ገባኝ።

አንድ ገጽ ተኩል ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር። ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ነው የተጻፈው። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ስለ እናቷ ድካም ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ሊጥ እንደምታቡካ፣ ጭሱ ዓይኗን እንደጎዳው፣ ልጆቿን ብቻዋን እንዳሳደገች። አንዱም ውሸት የለበትም። እህቴ ናት፣ አውቃለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥያቄው ይመጣል፦ «ስለዚህ ቅናሽ እንዲደረግልኝ፣ ካልሆነም ባለኝ አቅም ዛሬ ከፍዬ ቀሪውን እናቴ ዕቁብ ሲወጣላት ቀስ በቀስ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል።

የተበላሸው እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ ቅናሽና ክፍፍል አብረው ተጠይቀዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚወስነው አንድ ሰው አይደለም። ቅናሽ ማለት ተቋሙ ገንዘብ ይተው ማለት ነው፤ እሱን የሚወስነው የበላይ አመራር ነው፣ ብዙ ጊዜም በኮሚቴ ታይቶ ነው። ክፍፍል ማለት ግን ያው ገንዘብ ዘግይቶ ይምጣ ማለት ነው። ይህን የፋይናንስ ኃላፊው በራሱ ፊርማ ሊፈቅድ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ሲመጡ ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ላይ መምራት አለበት፤ ላይ ደግሞ ወረፋ አለ። የምዝገባ ሳምንት አምስት ቀን ብቻ ነው። የእሷ ወረቀት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ቆየና በመጨረሻ በቃል «ቅናሽ የለም፣ ከፍለሽ ተመዝገቢ» ተባለች። የክፍፍሉን ጥያቄ ያየው ሰው የለም።

ሁለተኛው «ዕቁብ ሲወጣላት» የሚለው ነው። ዕቁብ ለእኛ የታመነ ገንዘብ ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ ግን ቀን የሌለው ገንዘብ ነው። ዕጣው በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከስድስት ወር በኋላም ሊወጣ ይችላል። «ቀስ በቀስ» የሚለውም እንደዚያው። ፋይናንስ ክፍል እንዲህ ያለውን ነገር የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። በተማሪው ስም የሚከፈተው የሂሳብ ካርድ ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ቀንና ብር። «ቀስ በቀስ» አይጻፍም።

የሚያስጨንቃቸው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የማታ መምህራን አብዛኞቹ የሚከፈላቸው በሚያስተምሩት ክሬዲት አወር ልክ ነው። የሚከፈላቸውም በምዝገባ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ከዚህ ሌላ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የቀረ ዕዳ ለመሰብሰብ እጅግ ያስቸግራል። ተማሪው ስልኩን ይቀይራል፣ ትምህርቱን ያቋርጣል። ተቋሙ በእጁ ያለው አቅም አንድ ብቻ ነው፤ ያልከፈለ ለፈተና አይቀመጥም፣ ውጤቱም አይለቀቅለትም። ስለዚህ ማመልከቻ ሲያነቡ በልባቸው የሚጠይቁት «ይህቺ ልጅ ተቸግራለች ወይ?» አይደለም። መቸገሯንማ ያውቃሉ፣ ሁሉም ተቸግሮ ነው የሚመጣው። የሚጠይቁት «ገንዘቡ ከየትኛው ፈተና በፊት ይገባል?» ብለው ነው።

ለልጅቷ ይህን ነግሬ ስልኩን ለእናቷ እንድታቀብልልኝ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ዕቁቡ መቼ ነው የሚደርስሽ?»

«ኅዳር 29 እኮ ነው» አለችኝ። «ባለፈው እሑድ ለዳኛው ነግሬው ነበር። ለልጅቷ ትምህርት ነው ብዬ ስለምነው አባላቱን አስፈቅዶ የዚያን ዕለቱን ያለ ዕጣ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል።»

ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ማመልከቻው ላይ የሚጻፍ ነገር ግን አልመሰላትም። ሰው ስለ ችግሩ ሲጽፍ ችግሩን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ መፍትሔውን እቤት ትቶት ይሄዳል። ዕቁቡ የሠላሳ ሰው ነው፣ በየሳምንቱ እሑድ 1,000 ብር ይጣላል። ስለዚህ ኅዳር 29 እሑድ እህቴ 30,000 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ማስረጃ የሚሆን ሰው ደግሞ ሰፈር ውስጥ አለ። እህቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ዳኛው ቤት ሄደች። ዳኛውና ጸሐፊው በግማሽ ወረቀት ላይ ቀኑንና ገንዘቡን ጽፈው ፈረሙላት። ማህተም የለውም፣ ሰፈር ዕቁብ ነው። ቢሆንም ሁለት ስም፣ ሁለት ፊርማና ሁለት ስልክ ቁጥር አለበት።

ከዚያ በስልክ ሂሳቡን ሠራን። ለ15 ክሬዲት አወር፣ አንዱ 1,150 ብር ሲሆን፣ 17,250 ብር። የምዝገባ 350 ብር። በድምሩ 17,600 ብር። ልጅቷ ያጠራቀመችው 4,000 ብር አለ፣ እናቷ 2,600 ብር ጨመረችላት። ነገ በእጅ የሚከፈለው 6,600 ነው። የሚቀረው 11,000።

«ከደመወዝሽ በወር ስንት ይተርፍሻል? እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ 3,000 አለች። ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ ለቤት የምትሰጠውን እየቀነስን ስንሄድ 2,000 ላይ ቆምን። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። ኃላፊውን ለማስደሰት ከአቅሙ በላይ ይጽፋል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ያሳልፋል። አንዴ ካሳለፈ ቀጥሎ የሚጽፈውን የሚያምነው የለም።

ቀኖቹን የመረጥነው የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ካላንደር ፊት ለፊት አድርገን ነው። ሚድ ታኅሣሥ 7 ሰኞ ይጀምራል። ፋይናል ጥር 26። ደመወዟ በየወሩ በ30 ይገባል፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ «በ30 እከፍላለሁ» አላልንም፤ በ5 አልን። ዕቁቡ እሑድ ኅዳር 29 ይወጣል። ታኅሣሥ 3 ሐሙስ ይከፈላል፣ ከሚድ በፊት።

ማመልከቻው እንዲህ ሆነ። ስምና ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ቀን፦ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋይናንስ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የ2017 ዓ.ም. 1ኛ ሴሚስተር ክፍያን በአራት ጊዜ ከፍዬ እንድጨርስ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ እኔ አመልካች ……… የመታወቂያ ቁጥር ……… በማታው መርሐ ግብር የ3ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ለዚህ ሴሚስተር 15 ክሬዲት አወር ለመመዝገብ የሚጠበቅብኝ ጠቅላላ ክፍያ 17,600 ብር ነው። ካለፉት ሴሚስተሮች ያልተከፈለ ዕዳ የለብኝም።

እናቴ እንጀራ ታቀርብላቸው የነበሩ ሁለት ምግብ ቤቶች በነሐሴ ወር ከአካባቢው በመልቀቃቸው የቤታችን ገቢ ቀንሷል። በዚህ ምክንያት ክፍያውን በአንድ ጊዜ ማጠናቀቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ 6,600 ብር ከፍዬ እንድመዘገብና ቀሪውን 11,000 ብር በሚከተሉት ቀናት እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፦

ኅዳር 5 ቀን 2017፣ 2,000 ብር፣ ከደመወዜ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017፣ 7,000 ብር፣ ከእናቴ ዕቁብ
ጥር 5 ቀን 2017፣ 2,000 ብር፣ ከደመወዜ

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ሳልከፍል ብቀር ክፍያውን እስካጠናቅቅ ድረስ ለፈተና እንዳልቀመጥ እስማማለሁ።

አባሪ፦ ከመሥሪያ ቤቴ የተሰጠኝ የደመወዝ ማስረጃ 1 ገጽ፣ የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የፈረሙበት ማስረጃ 1 ገጽ

ከሰላምታ ጋር
ስም ……… ፊርማ ……… ስልክ ………

ሙሉ ወረቀቱ ከአንድ ገጽ በታች ነው። የእናቷ ድካም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሏል። ልጅቷ ይህን አልወደደችውም። «ታዲያ እንዴት ያዝኑልኛል?» አለችኝ። እንዲያዝኑላት ሳይሆን እንዲፈርሙላት እንደፈለግን ነገርኳት። ምክንያቱ ግን መቅረት የለበትም። ገቢው መቼና ለምን እንደቀነሰ ካልተጻፈ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ክፍያውን ለማዘግየት የመጣ ያስመስላል። «በነሐሴ ሁለት ደንበኛ ቀረ» ማለት በቂ ነው። ኃላፊው ቀሪውን ራሱ ይረዳዋል።

የፈተናዋን ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ትንሽ ተከራከርን። «በገዛ እጄ ልከልከል?» አለች። ተቋሙ ግን ያንን ከልካይነት ድሮም ይዞታል። እሷ ጻፈችው አልጻፈችው ያው ነው። መጻፏ ለፈራሚው አንድ ነገር ያቀልለታል፤ ነገ አለቃው «ለምን ፈቀድክ?» ቢለው የሚያሳየው መስመር ያገኛል።

የደመወዝ ማስረጃው ሌላ ታሪክ ነው። የመደብሩ ባለቤት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ሲከፍቱ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀቻቸው። በመደብሩ ማህተም ደመወዟ 5,500 ብር እንደሆነ ጻፉላት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ደረሰች።

መዝገብ ቤት ነው ያልኩት። የመጀመሪያውን ወረቀት ለጸሐፊዋ በእጅ ነበር የሰጠችው። በእጅ የተሰጠ ወረቀት ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ወረቀት ሲጠፋ ጠፋ የሚባል ነገር እንኳ አይኖርም። አሁን ግን በሁለት ኮፒ አቀረበችው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሁለቱንም ላይ «ገቢ» የሚለውን ማህተም መታችበት፣ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት። አንዱን ልጅቷ ያዘች።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የፋይናንስ ኃላፊዋ አስጠራቻት። ወረቀቱን በእስክሪብቶ እየነካካች ነበር። ልጅቷ እንደነገረችኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዕቁቡ ነው። «ይሄ ቀን እርግጠኛ ነው?» ብላ የዕቁቡ ጸሐፊ ስልክ ላይ እዚያው ደወለች። አነሱ፣ አረጋገጡ። ከዚያ ጥር 5 ላይ ክብ ሠራችበት።

«ይሄን ወደዚህ አምጪልኝ። ግማሽ ዓመት ሂሳብ ታኅሣሥ 30 ነው የምንዘጋው። ከዚያ በኋላ ቀሪ እንዲታይ አልፈልግም።»

ብዙ የግል ተቋማት እንደ መንግሥት ሁሉ የበጀት ዓመታቸውን ከሐምሌ 1 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ የስድስት ወሩ ሂሳብ ታኅሣሥ 30 ያልቃል። እኔ ራሴ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ የሠራሁትን ነገር ሐሙስ ሌሊት ዘነጋሁት። ጥር 5 የተበላሸ ቀን ነበር።

ልጅቷ ከክፍሉ ወጥታ ደወለችልኝ። ታኅሣሥ 30 ማለት የገና ማግስት ነው። ደመወዟም ያንኑ ቀን ነው የሚገባው፣ ከዘገየ አለቀ። ስለዚህ በዚያ ቀን እከፍላለሁ ማለት አደጋ ነው። ለእህቴ ደወልኩ። ከዕቁቡ 7,000 ፋንታ 9,000 ማውጣት ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ያ ገንዘብ ለጤፍ ነው፤ ወፍጮ ቤት አንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል። በመጨረሻ «ልጅቷ በጥር ትመልስልኛለች» አለች። ኃላፊዋ ሦስተኛውን መስመር ሰርዛ ሁለተኛውን 9,000 አደረገችው፣ ጎኑ ላይ ፈረመች። ከዚያ ጠርዙ ላይ «ለገንዘብ ያዥ፦ 6,600 ተቀብላችሁ ትመዝገብ፣ በስምምነቱ መሠረት ክትትል ይደረግ» ብላ መራችበት።

ከዚህ በኋላ የስምምነት ቅጽ አስፈረሟት። እኔ እንድታየው የነገርኳት አንድ ነገር ነበር፤ እርማቱ ቅጹ ላይም በትክክል መጻፉን። ማመልከቻው ላይ 9,000 ተብሎ ቅጹ ላይ 7,000 ከቀረ፣ ታኅሣሥ ላይ 2,000 ብር ከየት መጣ የሚል ክርክር ይነሳል። በትክክል ተጽፏል። ኮፒ ጠየቀች፣ ሰጧት። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ተመዘገበች።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 5 ሥራ ስለበዛባት 2,000 ብሩን እናቷ ከራሷ ስልክ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ አስተላለፈችላት። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለትምህርት» ብላ ጻፈች። ገንዘቡ ገባ። ባንኩም መልእክት ላከ። ልጅቷም ከፈልኩ ብላ ትታው ተኛች።

ባንክ ገባ ማለት ግን በተማሪው ካርድ ላይ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው ነው። ገንዘብ ያዡ የባንክ መግለጫ ሲያወጣ የሚያየው የላኪውን ስምና ምክንያቱን ነው። የላኪው ስም የእህቴ ነው፣ ከእናቷ ስም ተማሪዋን ማግኘት አይቻልም። «ለትምህርት» የሚለውን ደግሞ ሁሉም ይጽፈዋል። እንዲህ ያለው ብር ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ክፍያው የሚያልቀው ስሊፑን ወይም የዝውውር ቁጥሩን ይዞ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ሄዶ በተቋሙ ደረሰኝ ሲለወጥ ነው።

የታኅሣሥ 3ቱን 9,000 ብር ራሷ ባንክ ሄዳ ነው ያስገባችው። ስሊፑንም ያኔውኑ በደረሰኝ ለወጠች። አርብ ታኅሣሥ 4 ማታ ለሚድ የማይቀመጡ ተማሪዎች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስሟ አለበት። ፊት ለፊቱ 2,000 ብር ይላል።

ቅዳሜ የማታው ክፍል ቢሮ ክፍት ስለሆነ ዕድለኛ ነበረች። ሦስት ነገር ይዛ ሄደች፤ የተፈረመበትን ስምምነት ኮፒ፣ የእናቷን ስልክ ከነባንኩ መልእክት፣ የታኅሣሥ 3ቱን ደረሰኝ። ገንዘብ ያዡ የዝውውር ቁጥሩን ይዞ የኅዳር 5ን መግለጫ ፈለገ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ብሩ በትክክል ሰው የለሽ ሆኖ ተቀምጧል። ደረሰኝ ቆረጠላት፣ ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዘ፣ የፈተና ፈቃዷን ሰጣት። ሰኞ ለሚድ ተቀመጠች።

ስምምነቱ ኮፒ ባይኖራት ኖሮ ኅዳር 5 የሚባል የክፍያ ቀን እንደነበረ እንኳ በቃሏ ነበር የምታስረዳው። እሑድ ቢሮ ዝግ ነው።

በየካቲት ለሁለተኛው ሴሚስተር ማመልከቻ ስትጽፍ እኔን አልጠየቀችኝም። ከጻፈች በኋላ ላከችልኝ። ያኔ ዕቁብ የለም፤ ወስደዋል፣ እንዲያውም በየሳምንቱ እየጣሉ ነው። እህቴ ግን አዲስ ያገኘቻቸው ሁለት ምግብ ቤቶች በወር መጨረሻ ይከፍሏታል። ስለዚህ ቀኖቹ ሁሉ በየወሩ 5 ሆነዋል፤ የመጨረሻውም ከሰኔ 30 በፊት ነው። «ዕዳ የለብኝም» ከሚለው ቀጥሎ አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር አስገብታለች፦ «ባለፈው ሴሚስተር በዚሁ አኳኋን ተፈቅዶልኝ በስምምነቱ ቀናት ከፍዬ አጠናቅቄአለሁ።» ከሥሩ የሦስቱን ደረሰኞች ቁጥር ደርድራለች። ምዝገባ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ቤት አስገባችው፤ በማግስቱ ተፈርሞ ወጣ።